ሐኪም ወርቅነህና የበርማው ጡረታ

ከረጅም የውጭ አገር ኑሮ የተመለሰ ሰው፣ ቡናው ገና ሳይቀዳለት ዘመድ አዝማዱ «ጠቅልለህ መጣህ ወይስ ትመለሳለህ?» ይለዋል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለዚህ ጥያቄ የቁርጥ መልስ ለመስጠት ሃያ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ታሪካቸው ሲተረክ ግን ይህ ሃያ ዓመት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በመቅደላ የጠፋው ልጅ ዶክተር ሆኖ አገሩ ገባ ይባልና በዚያው ትምህርት ቤት መምራታቸውና አገር መግዛታቸው ይቀጥላል። ለእኔ የሚገርመው ግን በመካከል የተዘለለው ነው።

ልጅነታቸውን በአጭሩ ላንሳው። በ1868 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከቤተሰቡ የተለየ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባ። አንድ መኮንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ፤ እሱ ሲሞት ደግሞ ሌላ መኮንን ማስተማሩን ቀጠለ። ልጁም ከአንዱ ስም ቻርልስን፣ ከሌላው ማርቲንን ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተማረ፣ ስኮትላንድ ሄዶ ተጨማሪ ማዕረግ አገኘ፣ ከዚያም ያኔ በህንድ መንግሥት ሥር ትተዳደር በነበረችው በርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ።

የአድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። በ1899 ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ አያውቁም፤ ከሚያክሟቸው ሰዎች ጋር የሚግባቡት በአስተርጓሚ ነው። ድንኳን ተክለው ሕሙማን ማየት ሲጀምሩ፣ ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ከተማውን አልፎ ተሰማ። በመጨረሻ አያታቸው መጡ። አሮጊቷ ያመኑት በወሬው አይደለም። በሕፃንነቱ ክንዱና እግሩ ላይ የቀረ ጠባሳ እንዳለ ያውቁ ነበርና ጠባሳውን አይተው «ልጄ ነው» አሉ። ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ የተባሉትም ያኔ ነው።

ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ግን በ1901 ወደ በርማ ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ ቅር ይለው ይሆናል። ሚዛኑ ላይ ምን እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። በርማ ውስጥ በየወሩ የሚከፈል የታወቀ ደመወዝ፣ ደንብ ያለው ፈቃድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአገልግሎት ዘመን ሲሞላ የሚገኝ ጡረታ ነበራቸው። ጡረታው የሚገኘው ዓመታቱ ሲሟሉ እንጂ በግማሽ መንገድ ለተወ ሰው አይደለም። አዲስ አበባ በበኩሏ ለሐኪም የምትሰጠው ሌላ ነበር። በምኒልክ ቤተ መንግሥት አገልጋይ የሚተዳደረው በንጉሡ ችሮታ ነው፤ መሬት ይሰጠዋል፣ በቅሎ ይሸለማል፣ ግብር ይበላል። የደመወዝ መደብ፣ የሐኪም ቤት በጀት፣ የመድኃኒት ግምጃ ቤት የሚባል ነገር ገና አልተደራጀም። ችሮታው ለጋስ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚቆመው በሰጪው ሰው ዕድሜና ፊት ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ አንደበትም አልነበራቸውም። አማርኛ የማይናገር፣ የእንግሊዝ ስም ያለው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ጠባሳው ቢመሰክርለትም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ገና እንግዳ ነው። ያኔ ሥራቸውን ጥለው ቢቀሩ ኖሮ የአንድ ንጉሥ ባለሟል ከመሆን የዘለለ ቦታ ያገኙ ነበር ብዬ አላምንም።

በ1908 መካከለኛ መንገድ ተገኘ። የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው አዲስ አበባ መጡ። ደመወዙም የአገልግሎት ዘመኑም አልተቋረጠም፤ አገርም ተገኘ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጥሮ አዲስ አበባ የሚመደብ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይህን ሁኔታ ሳይነገረው ያውቀዋል። ነገር ግን ጊዜው ክፉ ነበር። ምኒልክ በተደጋጋሚ እየታመሙ፣ አልጋው ማን እጅ ይገባል የሚለው ጥያቄ የሌጋሲዮኖች ሁሉ ጉዳይ ሆኗል። የንጉሡን እጅ የሚዳስስ ሐኪም ሁሉ የአንድ መንግሥት ጆሮ ተደርጎ ይታይ ነበር። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ ተመርዘዋል ብሎ ብዙ ሁከት ያስነሳውም በዚያን ጊዜ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ ደመወዙ እንግሊዛዊ መሆን ለሁለቱም ወገን ጥርጣሬ ይጋብዛል። በ1913 እንደገና ወደ በርማ ሄዱ። ምኒልክም በዚያው ዓመት ማብቂያ አረፉ።

በ1919 አገልግሎታቸውን ጨርሰው፣ ጡረታቸውን ይዘው ጠቅልለው ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ከኢትዮጵያዊቷ ባለቤታቸው ከወይዘሮ ቀፀላ ቱሉ የወለዷቸው፣ ማሳደግና ማስተማር የሚጠይቁ ብዙ ልጆች አሏቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ1899 ቢቀሩ ኖሮ የንጉሡን እጅ ማየት ግድ ነበር። አሁን ግን ከአገር ውጭ የሚመጣ የራሳቸው ገቢ ስላላቸው አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ሥራ ሲሰጧቸው ለእንጀራ ሲሉ አልተቀበሉም። ነጻነታቸው በከፊል የተገዛው በበርማ ዓመታት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የተሰጣቸው ሥራ ነው። የሠለጠነ ሐኪም እጅግ በሚያስፈልግበት አገር፣ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በፈጀ ማግስት፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት ኢትዮጵያዊ ቀዳሚ ሥራቸው ሕክምና አልሆነም። በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሩ። የውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ በሚታይበት ችሎት ዳኛ ሆኑ። በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ቋንቋውን ካደጉ በኋላ ለተማረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1927 ወደ አሜሪካ ተልከው ከኒውዮርኩ የጄ. ጂ. ዋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ፤ በዚያው ጉዞ ሃርለም ገብተው የእጅ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጠየቁ። ከ1930 ጀምሮ ደግሞ ጨርጨርን ገዙ። በአሰበ ተፈሪና በዙሪያው መንገድ እያስጠረጉ አውራጃውን የአስተዳደር ማሳያ ለማድረግ ሠርተዋል።

ሕክምናው ባከነ? በየቤቱ በትኩሳት ለሚሰቃየው ሰው በእርግጥ ባክኗል። ሆኖም መንግሥት ከሐኪም ይልቅ የጎደለው የሁለቱንም ዓለም ደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ቢሮ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሒሳብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከአውሮፓዊ ጋር በውሉ ቃል እንዴት እንደሚከራከሩ የሚያውቅ ሐኪም ሲገኝ፣ ማከሚያውን ለሌላ ትቶ ወደ ችሎትና ወደ ግዛት መጠራቱ አይቀርም። ዛሬም ከውጭ የሚመለስ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ለተማረው ሙያ ሳይሆን በጎን ለለመደው አሠራር ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያልጠረጠረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይማረራል።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራቸው ካሳደጋቸው መንግሥት ፊት አቆማቸው። ጣሊያን ሲወርረን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። እንግሊዝ አገር አስተምረው መሐንዲስ ያደረጓቸው ሁለት ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው ስለነበር በ1937 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በጣሊያኖች ተገደሉ። አባትየው ወደ ህንድ ሄዱ። በ1942 አዲስ አበባ ሲገቡ ሰባ ስድስት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1952 ድረስም እዚያው ኖሩ።