በውኃ ተነክሮ ስለሚቈይ ባቄላ

ደረቅ ባቄላ ርጥበት በሌለበት ስፍራ ቢቀመጥ ብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቈያል። ይኸውም በውስጡ ያለው ውኃ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ምግብን የሚያበላሹ ረቂቃን ተሐዋስያን በላዩ ለመራባት ስለማይችሉ ነው። ከተነከረ በኋላ ግን ክብደቱ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ከዚያም ወዲያ ዕድሜው በወር መቈጠሩ ቀርቶ በሰዓት ይቈጠራል። ብዙ ሰዎች ግን ውኃው ከላዩ ስለ ሸፈነው የተጠበቀ ይመስላቸዋል።

በቤታችን የሆነውን እነግራችኋለሁ። ለማክሰኞ የጾም እንግዶች ጠርተን ነበርና፥ ሰኞ ማታ ለንፍሮ የሚሆን ሁለት ኪሎ ባቄላ ተነከረ። እንግዶቹ ግን ቀኑን ወደ ሐሙስ አዛወሩት፤ ባቄላውም እንደ ተነከረ በወጥ ቤት ተረሳ። ማክሰኞ ጧት ቅርፊቱ ተወጥሮ ሽታው መልካም ነበረ። ማታ ውኃው ደፈረሰ፥ በዳርና በዳሩም ጥቂት አረፋ ታየ። ረቡዕ ነጭ አረፋ ከላይ ሸፈነው፥ መኮምጠጥም ጀመረ። ሐሙስ ጧት ባቄላው በእጅ ሲያዝ ያሟልጭ ነበረ፥ ሽታውም ከረፋ።

ወጥ ቤቷ፦ «እትዬ፥ አጥብቄ ባፈላው ሽታው ይለቃል» አለች። ባለቤቴም፦ «ተይው ልጄ፤ ሽማግሌና ሕፃን የሚበላው ነው» ብላ አስደፋችው።

ፍርዷም ትክክል ነበረ። መፍላት አብዛኞቹን ተሐዋስያን ይገድላል፤ ዳሩ ግን ከነዚሁ አንዳንዶቹ እንደ ዘር ያለ ጠንካራ ነገር ስለሚያበጁ ከፈላ ውኃ ይተርፋሉ፤ ከሚያወጡትም መርዝ እሳት የማያጠፋው አለ። ስለዚህ ሽታው የሄደ ንፍሮ ሆድ ሊያሳምም ይችላል።

እንግዲህ ባቄላ ማታ ተነክሮ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ከቈየ በኋላ፥ ውኃው ተደፍቶ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይቀቀል። በቈላ አገር ሙቀቱ መበላሸትን ስለሚያፋጥን ጊዜው ማጠር አለበት። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት አረፋ ብቻ ቢታይና ሽታው መልካም ቢሆን፥ አጥቦ ወዲያው መቀቀል ይበቃል። ግብዣው ቢዘገይ ግን በማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፥ ውኃውም በየቀኑ ይለወጥ፤ ይህም ቢሆን ከሁለት ቀን ባያልፍ ይሻላል።

ለበቆልት የሚፈለግ እንደ ሆነ ደግሞ ውኃው ፈጽሞ ይጠንፈፍ። ባቄላ ሕይወት ያለው ዘር ስለ ሆነ አየር ይሻል፤ በርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ በየቀኑ ሲታጠብ ይበቅላል፥ በውኃ ውስጥ ሰጥሞ ሲቈይ ግን ታፍኖ ይሞትና ይበሰብሳል። የበቀለውም ቢሆን ሳይበስል አይበላ።

የተቀቀለ መኮሮኒም በውኃው ውስጥ እንዳለ አይደር፤ ጠንፍፎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ማግባት ይገባል።