ሽቶን ከፋፍሎ መሸጥ፦ ትርፉ እና ኪሳራው የት ላይ ነው?

ታዋቂ ሽቶዎችን በሙሉ ጠርሙስ መግዛት ለብዙዎች አቅም የሚከብድ በመሆኑ፣ ዋናውን ጠርሙስ ገዝቶ በ5 ወይም በ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ እየከፋፈሉ መሸጥ በአነስተኛ ካፒታል የሚጀመር ንግድ ሆኗል። ሥራው ቀላል ቢመስልም ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚከስሩት በስሌት ነው።

ዋጋው እንዴት ይሰላል?

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ባለ100 ሚሊ ሊትር ሽቶ በ12 ሺህ ብር ገዛ እንበል። በወረቀት ላይ 20 ባለ5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ይወጣዋል። ሲገለበጥ የሚተነው፣ በስሪንጁ እና በጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ሲቀነስ ግን 19 ማግኘት ይበልጥ ተጨባጭ ግምት ነው።

የእያንዳንዱ ብልቃጥ፣ መለያ እና ማሸጊያ 60 ብር ቢሆን፣ ጠቅላላ ወጪው 13 ሺህ 140 ብር ይደርሳል። ከ19ኙ ሁለቱ ለናሙና ቢውሉ ወይም ሳይሸጡ ቢቀሩ፣ ወጪውን የሚሸፍኑት 17ቱ ብቻ ናቸው፤ የአንዱ እውነተኛ ወጪም 773 ብር ገደማ ይሆናል።

12 ሺህን ለ20 አካፍሎ ማሸጊያውን የደመረ ነጋዴ ግን ወጪዬ 660 ብር ነው ብሎ በ700 ይሸጣል። እያተረፈ ይመስለዋል፤ ሲጨርስ ግን 1 ሺህ 240 ብር ከስሯል። በ950 ብር ቢሸጥ ከትራንስፖርት እና ከግብር በፊት 3 ሺህ 10 ብር ይተርፈው ነበር።

ምንጩ

ሽቶው ከዱባይ በሻንጣ የመጣም ይሁን ከአገር ውስጥ ሱቅ የተገዛ፣ ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል። በካርቶኑ እና በጠርሙሱ ሥር የሚታተመው የባች ቁጥር የማይመሳሰል ከሆነ መጠርጠር ያስፈልጋል። መመሳሰሉ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ አስመሳዮች ቁጥሩንም ይገለብጣሉና።

መለያው ምን ይላል?

በዚህ ጉዳይ የሚጠቀስ አንድ የቆየ ፍርድ አለ። በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኮቲን እውነተኛ ሽቶ ገዝቶ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ፕሬስቶኔትስ የተባለ ድርጅት፣ ከኮቲ ጋር ግንኙነት እንደሌለው እና ሽቶውን ራሱ እንደገለበጠው በግልጽ እስከጻፈ ድረስ የኮቲን ስም መጥቀስ እንደሚችል ወስኗል። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም መርሁ ለሻጩም ለገዢውም ይጠቅማል።

ስለዚህ ጥሩ መለያ የሽቶውን ስም፣ መጠኑን፣ የተገለበጠበትን ቀን፣ የዋናውን ጠርሙስ የባች ቁጥር እና የሻጩን ስልክ ይይዛል። «ከዋናው ጠርሙስ በሻጩ የተገለበጠ፤ ከአምራቹ ጋር ግንኙነት የለውም» የሚለው ጽሑፍም በተመሳሳይ መጠን ፊደል ይሰፍራል።

የቅባት ሽቶ ሻጮች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠብቃቸዋል። የታዋቂ ሽቶን ጠረን የሚያስመስል ቅባት በዋናው ስም ቢሸጥ ሐሰተኛ ምርት ነው። በሌላ ዘይት የተቀጠነ የዑድ ቅባትም «ንጹሕ» ሊባል አይችልም፤ የቀጠነበት ዘይት እና መጠኑ መለያው ላይ መጻፍ አለበት።