ለማስታመም የሚጠየቅ ፈቃድ

ሆስፒታል የተኛ ሰው አጠገብ ሁልጊዜ አስታማሚ አለ። ከውጭ ፋርማሲ መድኃኒት የሚገዛ፣ ምግብ የሚያቀብል፣ ሌሊት ነርስ የሚጠራ፣ በሽተኛውን አገላብጦ የሚያጥብ እሱ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ይህ ተራ ሲደርሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ጉዳይ «አለቃዬን ምን ብዬ ልጠይቅ?» የሚለው ነው።

በግል ድርጅት ለሚሠሩ ሰዎች መነሻው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ለጋብቻ፣ ለቅርብ ዘመድ ሞትና ሚስቱ ለወለደችለት አባት የሚከፈልበት ሦስት ሦስት ቀን ይሰጣል። የታመመ ዘመድ ማስታመም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያለው ሌላ በር ነው፤ ሠራተኛው ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥመው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ያገኛል፣ በአንድ በጀት ዓመትም ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው ቀን በአሠሪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እስከ አምስት ቀን ድረስ መብትን መጠየቅ፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን ማስፈቀድ ይሆናል። ቃናውም ይህን የሚያውቅ ሰው ቃና ቢሆን መልካም ነው።

አንዲት አዲስ አበባ የምትኖር የመጋዘን ሠራተኛን እናስብ። እናቷ ደሴ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። አለቃዋ በዕድሜ የሚበልጧት፣ ዘወትር «ጋሽ ተፈራ» የምትላቸው ሰው ናቸው። ማመልከቻ በደብዳቤ ከመጻፏ በፊት ረቡዕ ጥቅምት 26 በቴሌግራም እንዲህ ብትላቸው ይበቃል።

«ጋሽ ተፈራ፣ እንደምን ዋሉ? እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት። የማስታምማት እኔ ስለሆንኩ ከሰኞ ኅዳር 1 እስከ ቅዳሜ ኅዳር 13 ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሰኞ ኅዳር 15 ሥራ እገባለሁ። የዓመት ፈቃዴ አልቋል። መጋዘኑን አበበ እንዲይዝልኝ አነጋግሬው እሺ ብሎኛል፤ ዓርብና ቅዳሜ ቆጥረን እንረካከባለን። የሆስፒታሉን ወረቀት ልኬያለሁ። ሁሉም ቀን ካስቸገረ የመጀመሪያው ሳምንት እንኳ ቢፈቀድልኝ ከዚያ በኋላ ወንድሜ ይተካኛል። መልስዎን እጠብቃለሁ።»

መልእክቱ አጭር ቢሆንም አለቃው የሚጠይቁት ሁሉ አስቀድሞ ተመልሶበታል። «የዓመት ፈቃድሽስ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም፤ ገና በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የሚታሰብ የሚከፈልበት ፈቃድ ስላለ፣ ቀሪ ያለው ሰው እሱን ማስቀደሙ ደመወዙን ያተርፍለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ርክክቡ ነው። መጋዘን የፈረሙበት ንብረት ነው። ቁልፉ ብቻ ተሰጥቶ ቆጠራ ሳይደረግ ከተሄደ፣ በኋላ ዕቃ ሲጎድል ማን ዘንድ እንደጎደለ የሚለይበት መንገድ የለም። በስቶክ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ተነጻጽሮ፣ ሁለቱም ፈርመው ቢለያዩ አለቃውም እፎይ ብለው ይፈቅዳሉ።

ብዙ ጥያቄ የሚበላሸው በሌላ ቦታ ነው። አንዳንዱ በይሉኝታ «የቤተሰብ ችግር ስላጋጠመኝ ለትንሽ ቀን» ብሎ ይጽፋል፤ አለቃው ደግሞ ቀኑን ሳያውቅ ተተኪ ሊመድብ አይችልም። ሌላው የሕመሙን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ተርኮ ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ይደብቀዋል። ራሱን ታማሚ አድርጎ የሕመም ወረቀት የሚያመጣም አለ፤ እውነቱ ሲወጣ ቀርቶ ከማስታመም የከፋ ጥፋት ተሸክሞ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አደገኛው በስልክ የተሰጠ «እሺ ሂጂ» ነው። አለቃው ለሰው ኃይል ክፍል ሳይነግሩ ከቀሩ፣ የሥራ መቆጣጠሪያው ላይ የሚሰፍረው «ቀርታለች» የሚል ነው። በአዋጁ መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ አለቃው በቃል ከፈቀዱ፣ «ጋሽ ተፈራ፣ እስከ ኅዳር 13 ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ፤ ለሰው ኃይልም አሳውቃለሁ» ብሎ በጽሑፍ መመለስ ያዋጣል። ምስጋናም ማስረጃም ነው።

ፈቃዱ ከተሰጠ የሥራ ውሉ አይቋረጥም፣ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ፤ ሥራውም ደመወዙም ይቆማል። ጊዜው ሲያበቃ ሠራተኛው በቀጣዩ የሥራ ቀን መገኘት፣ አሠሪውም መልሶ ሥራ ላይ ማሰማራት አለበት። ቁስሉ ቶሎ ሳይድን ቀርቶ ሐኪሙ ተጨማሪ ሳምንት ካዘዘ፣ ማራዘሚያው የሚጠየቀው ኅዳር 15 ማለዳ ሳይሆን የኅዳር 13ቱ ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ከአዲሱ የሐኪም ወረቀት ጋር ነው፤ አበበም መጋዘኑን ሌላ ሳምንት መያዝ መቻሉ በዚያው ቀን ተጠይቆ መልሱ መልእክቱ ውስጥ መግባት አለበት።