የቤት ብድር ውል ከመፈረሙ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች

ቤት ለመሥራት ወይም ለመግዛት ከባንክ ብድር የጠየቀ ነጋዴ፣ ጥያቄው በተፈቀደለት ጊዜ በመጀመሪያ የሚደርሰው የብድር ፈቃድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የብድሩን ልክ፣ የወለዱን መጠንና የወሩን ክፍያ በጉልህ ይገልጻል። ይሁን እንጂ ተበዳሪው በመጨረሻ ከኪሱ የሚያወጣውን ገንዘብ የሚወስኑት እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብቻ አይደሉም፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የሚመጡት አንቀጾችና አብሮ የሚቀርበው የብድር ውል ጭምር ናቸው።

ጉዳዩ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በማጂ ለሚኖሩ ነጋዴዎች በተለይ የሚታሰብበት ነው። በነዚህ አገሮች ገንዘብ በብዛት በነጋዴው እጅ የሚገባው በቡና ወራት ሲሆን፣ የባንክ ዕዳ ግን ወራት ሳይለይ በየወሩ ይጠየቃል። መያዣውም ራሱ ቤቱ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ ተበዳሪው ዕዳውን በጊዜው ያልከፈለ እንደ ሆነ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ ለመሸጥ እንዲችል ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ ውሉን መመርመር የሚገባው ከፊርማ በፊት እንጂ ችግር ከደረሰ በኋላ አይደለም።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሚዛን አማን ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ 2,000,000 ብር በ15 ዓመት የሚከፈል፣ በዓመት 16 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ተፈቀደለት እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ በየወሩ ሲታሰብ፣ እኩል የሆነው የወር ክፍያ 29,374 ብር ይሆናል።

መጀመሪያ የሚመረመረው ልዩ ልዩ ወጪ ነው። በምሳሌያችን ባንኩ ለአገልግሎት 1.5 በመቶ፣ ማለትም 30,000 ብር፣ ለቤቱ ግምት 8,000 ብር፣ ለመጀመሪያው ዓመት የእሳት አደጋ መድን 12,000 ብር ከብድሩ ላይ ቀነሰ። በነጋዴው እጅ የገባው 1,950,000 ብር ሲሆን ወለዱ ግን የሚታሰበው በ2,000,000 ብር ላይ ነው። ሒሳቡ ሲጣራ፣ 16 በመቶ የተባለው ወለድ በእውነቱ 16.5 በመቶ ያህል ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ሁለት ባንኮች ብድር ቢያቀርቡለት፣ ያለ ተቀናሽ በ16.25 በመቶ የሚያበድረው ከዚህኛው ይረክሳል ማለት ነው፤ በደብዳቤው ላይ ግን የተወደደ ይመስላል።

በዚህ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈለውንና በየዓመቱ የሚመለሰውን ወጪ መለየት ያስፈልጋል። የአገልግሎቱ 30,000 ብር ከተከፈለ በኋላ አይመለስም፤ የመድኑ 12,000 ብር ግን ዋጋው ሳይጨምር እንኳ በ15 ዓመት 180,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው ለባንኩ የሚያቀርበው ጥያቄ «በእጄ የሚገባው ስንት ነው? ከወሩ ክፍያ ሌላ በየዓመቱ የምከፍለውስ ምንድን ነው?» የሚል ይሁን።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከበደው የወለድ መለወጫ አንቀጽ ነው። በብዙ የብድር ውሎች ውስጥ ባንኩ የወለዱን መጠን በማናቸውም ጊዜ ለመለወጥ እንዲችል የሚፈቅድ ቃል ይገኛል። ባንኩ ይህን የሚያስገባው ለራሱ የሚያገኘው ገንዘብ ዋጋው ስለሚለዋወጥበት ነው። ለምሳሌ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በ15 በመቶ የጀመረ የፖሊሲ ወለድ አውጥቷል። ዐሥራ አምስት ዓመት በሚቆይ ብድር ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ እንደማይደርስ አድርጎ ማሰብ አይገባም።

ወደ ነጋዴያችን እንመለስ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ከፈለ፤ የከፈለውም በድምሩ 704,976 ብር ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከክፍያው የሚበዛው ለወለድ ስለሚውል፣ ከዋናው ገንዘብ የተቀነሰለት 76,000 ብር ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው ዕዳ 1,924,000 ብር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ባንኩ ወለዱን ወደ 19 በመቶ አሳደገው እንበል። ዕዳው በቀሩት 13 ዓመታት እንዲያልቅ ከተፈለገ፣ የወሩ ክፍያ ወደ 33,340 ብር ገደማ ይወጣል። ጭማሪው በወር 4,000 ብር ያህል፣ እስከ መጨረሻው ሲደመር ከ600,000 ብር በላይ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ተበዳሪው «የወር ክፍያህ አይነካም፤ ዘመኑ ብቻ ይረዝማል» ሲባል ደስ ይለዋል። በዚህ ምሳሌ ግን እንዲህ ያለው ውል ከፍ ያለ አደጋ አለበት። በ19 በመቶ የአንድ ወር ወለድ ብቻ ወደ 30,460 ብር ሲሆን፣ የሚከፈለው 29,374 ብር ነው። ሰውየው በየወሩ እየከፈለ ዕዳው በየወሩ ከ1,000 ብር በላይ ያድጋል እንጂ አያልቅም። ይህን ለማወቅ ረጅም ሒሳብ አያስፈልግም፤ ቀሪውን ዕዳ በአዲሱ ወለድ አባዝቶ ለ12 ማካፈል ነው። የተገኘው ቁጥር ከወሩ ክፍያ ከበለጠ ዕዳው እያደገ ነው።

ስለዚህ በውሉ ላይ ለውጡ ከስንት ቀን በፊት በጽሑፍ እንደሚነገር፣ በምን ምክንያት ወለዱ ሊለወጥ እንደሚችልና ከስንት በመቶ እንደማያልፍ እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል። ባንኩ የመጨረሻውን ባይቀበል፣ ወለዱ በጨመረ ጊዜ ተበዳሪው ያለ ቅጣት ዕዳውን ከፍሎ እንዲወጣ መብት ይሰጠው ዘንድ መጠየቅ ቢያንስ የሚገባ ነው።

ይህም ሦስተኛውን ነገር ያመጣል፤ እርሱም ዕዳን ከጊዜው በፊት ስለ መክፈል የተወሰነው ቅጣት ነው። ነጋዴያችን ቡናውን ሸጦ በጥር ወር 500,000 ብር ከዕዳው ላይ ለማቃለል ፈለገ እንበል። በውሉ «3 በመቶ ይከፍላል» ተብሎ ከተጻፈ፣ የምን 3 በመቶ እንደሆነ መታወቅ አለበት። አስቀድሞ ከሚከፈለው ገንዘብ ላይ ከሆነ ቅጣቱ 15,000 ብር ነው፤ ከቀሪው ዕዳ ሁሉ ላይ ከሆነ ግን 57,720 ብር ይደርሳል። በ16 በመቶ ወለድ 500,000 ብር በዓመት የሚያድነው ወለድ 80,000 ብር ያህል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቅጣት በሦስት ወር ውስጥ ይካካሳል፤ ሁለተኛው ግን ወደ ዘጠኝ ወር ይፈጃል።

ከቅጣቱ ሌላ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይጠየቅ። ከዋናው ገንዘብ ላይ ወዲያው የሚቀነስ ከሆነ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ ያንሳል። ለሚመጡት ወራት ክፍያ ተብሎ በተቀማጭ የሚያዝ ከሆነ ግን የ17 ወር ክፍያ አስቀድሞ ከመስጠት በቀር ነጋዴው ያተረፈው የለም። ገንዘቡን ለንግዱ ቢያውለው በተሻለው ነበር።

በነዚህ ጉዳዮች ላይ በቃል የሚሰጥ መልስ ከውሉ ጋር የተቃረነ እንደ ሆነ የሚጸናው የተጻፈው ነው። ነጋዴው ጥያቄዎቹን በደብዳቤ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል፤ የወር ክፍያው ሠንጠረዥም ለወለድና ለዋናው ገንዘብ የሚውለውን ለይቶ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ፊርማው ከተደረገና መያዣው ከተመዘገበ በኋላ ወደ ሌላ ባንክ ለመዛወር አዲስ የግምት፣ የአገልግሎትና የምዝገባ ወጪ ይከተላልና፣ ለመደራደር የሚመቸው ጊዜ ደብዳቤው በእጅ ሳለ ነው።