«እንዳይነግሯት»፦ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ቃለ መጠይቅ ተረትና እውነታ

በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አመልካቹ ውጭ ቆሞ የሚያነብበት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የ72 ዓመት ታካሚዎ የአንጀት ካንሰር እንዳለባቸው ምርመራው አረጋግጧል። እንግሊዝኛ ስለማይናገሩ የሚያስተረጉምላቸው ልጃቸው ነው። ውጤቱን ሊነግሯቸው ሲሄዱ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያስቆምዎትና ‹እባክዎ ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን እንዳይነግሯት፤ ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች› ይልዎታል። ምን ያደርጋሉ?» ደወሉ ሲጮህ አመልካቹ ይገባል። ከጠያቂው ጋር ያለው ጊዜ ከስምንት ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

ጥያቄውን ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አሠራሩ ግን እውነተኛ ነው። የተጀመረው በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ኬቨን ኢቫና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ አስተዋወቁት። አመልካቹ ከአንድ ሰው ጋር ረጅም ጊዜ በመቀመጥ ፋንታ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ በየክፍሉ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ እያንዳንዱ ጠያቂም ለብቻው ነጥብ ይሰጣል። ዛሬ በአሜሪካም፣ በካናዳም፣ በብሪታንያም ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙበታል። በአሜሪካ ለሚያመለክቱ የሐበሻ ልጆች የልምምድ ጠያቂ ሆኜ ስቀመጥ፣ የሚያሰናክላቸው አብዛኛውን ጊዜ የእውቀት ማነስ አይደለም። ስለ ጥያቄው ከሰው የሰሙት ነገር ነው።

ተረት፦ «ጠያቂው የያዘው አንድ ትክክለኛ መልስ አለ፤ እሱን መገመት ነው።»

እውነታው፣ ነጥብ የሚሰጠው አመልካቹ ወደ ውሳኔው በሄደበት መንገድ ነው። ማንን አሰበ? ምን እንደማያውቅ አስተዋለ? ሁለቱን የሚጋጩ ነገሮች ለየ? ለውሳኔው ምክንያት ሰጠ? ይህ ማለት ግን የፈለጉትን መመለስ ይቻላል ማለት አይደለም። ታካሚዋን በቀጥታ መዋሸትን የመረጠ አመልካች ምክንያቱን ምንም ያህል ቢያሳምረው አይድንም። በልጁ ላይ ተቆጥቶ «ሕጉ ይከለክላል» ብሎ በሩን የዘጋውም እንዲሁ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ግን ሰፊ ነው፤ ሁለት ጥሩ አመልካቾች በዝርዝሩ ተለያይተው እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ።

ተረት፦ «አራቱን መርሖዎች ከጠራሁ መልሻለሁ።»

አራቱ የሚባሉት ቢቻምፕና ቻይልድረስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቁት ናቸው፦ የታካሚው በራስ የመወሰን መብት፣ መልካም ማድረግ፣ ጉዳት አለማድረስ፣ ፍትሕ። ጠቃሚ ናቸው፤ ሁሉም አመልካች ስለሚያውቃቸው ግን ስማቸውን መደርደር ብቻውን ምንም አያሳይም። በልምምድ ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም፦ አመልካቹ አራቱንም በቃሉ ይወጣል፤ ሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ እናቲቱ ግን እስካሁን አልተነሱም።

መርሖዎቹ የሚጠቅሙት በር ላይ በቆምንባቸው ሁለት ደቂቃዎች ነው። በዚያ ጊዜ በልብ የሚጠየቀው «ከእነዚህ ውስጥ እዚህ የሚጋጩት የትኞቹ ናቸው?» የሚለው ነው። በዚህ ጉዳይ ፍትሕ ዋና ተዋናይ አይደለም፤ ይቅር። የሚጋጩት በአንድ ወገን የእናቲቱ ስለ ሕይወታቸው የማወቅና የመወሰን መብት፣ በሌላው ወገን ደግሞ ልጁ የሚፈራው ጉዳት ነው። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ይህ በሰው ቋንቋ ይነገራል፦ «ልጃቸው እናቱን ከስብራት ሊጠብቅ ነው የፈለገው። እኔ ግን የማክመው እሳቸውን ነው፤ ቀዶ ሕክምና ይሁን፣ መድኃኒት ይሁን፣ አገር ቤት ሄደው ዘመድ መጠየቅ ይሁን፣ ሳያውቁ ሊወስኑ አይችሉም።» መርሖው በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ፤ ስሙ አልተጠራም።

ተረት፦ «ወዲያው ውሳኔዬን ልናገር፤ ማመንታት ድክመት ነው።» 

ብዙ ነጥብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ያልነገረን ነገር ብዙ ነው፤ ጥሩ አመልካች ሁለት ወይም ሦስቱን ነጥሎ ያነሳል። አሥር ጥያቄ መደርደር መሸሻ ይሆናል። እዚህ የሚያስፈልጉት ሦስቱ እነዚህ ናቸው።

አንደኛው፦ እናቲቱ ራሳቸው ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ይህን እስካሁን የጠየቃቸው የለም። ሁለተኛው፦ የመወሰን አቅም አላቸው? ማለትም የተነገራቸውን ይረዳሉ፣ በራሳቸው ላይ የሚያመጣውን ይገነዘባሉ፣ አመዛዝነው ምርጫቸውን መናገር ይችላሉ? እንግሊዝኛ አለመናገር አቅም ማጣት አይደለም፤ ዕድሜም እንዲሁ። ሦስተኛውን ብዙ አመልካች አያየውም፦ ልጁ ውጤቱን ከእናቱ በፊት እንዴት አወቀ? በአሜሪካ የሕክምና ምስጢር የታካሚው ነው፤ ለቤተሰብ የሚነገረው ታካሚው ሲፈቅድ ወይም አለመቃወሙ ሲታወቅ ነው። ምናልባት እናቲቱ ፈቅደው ይሆናል፤ ምናልባትም ስህተቱ ኮሪደሩ ላይ ከመድረሳችን በፊት ተፈጽሟል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያነሳ አመልካች ወረቀቱን በእርግጥ እንዳነበበ ያሳያል።

አስተርጓሚውም አለ። ልጁ እየተረጎመ «ካንሰር» የሚለውን ቃል «ቁስለት» ብሎ ሊያሻግረው ይችላል፤ ሐኪሙም አያውቅም። ስለዚህ ልጁ በልጅነቱ ከእናቱ ጎን ይቀመጥ፣ የሚያስተረጉመው ግን በሙያው የሠለጠነ አስተርጓሚ ይሁን፤ በአካል ካልተገኘ በስልክ ወይም በቪዲዮ።

ከዚህ በኋላ ውሳኔ ይመጣል። «በአንድ በኩል... በሌላ በኩል...» እያሉ ደወሉን መጠበቅ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። የእኔ መልስ ይህን ይመስል ነበር፦ መጀመሪያ ልጁን አዳምጣለሁ፤ ምን እንደሚፈራ፣ ከዚህ በፊት በቤተሰቡ መጥፎ ዜና እንዴት እንደተነገረ እጠይቀዋለሁ። እንደማልዋሻቸው በግልጽ እነግረዋለሁ፤ ሳይፈልጉም በግድ እንደማልነግራቸው። ከዚያ በአስተርጓሚ በኩል እናቲቱን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «እማማ፣ የምርመራው ውጤት ደርሷል። አንዳንድ ሰው ሁሉንም ራሱ መስማት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለልጄ ንገሩልኝ ይላል። እርስዎ እንዴት ቢሆን ይመርጣሉ?» ራሴ ልስማ ካሉ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ልጄ ይስማልኝ ካሉም ያ የራሳቸው ውሳኔ ነው፤ መዝገብ ላይ አሰፍረዋለሁ፤ ሐሳባቸውን በማንኛውም ጊዜ መቀየር እንደሚችሉም እነግራቸዋለሁ። ይህ ሁሉ ተረጋግቶ ሲነገር ሦስት ደቂቃ ግድም ይፈጃል። የቀረው ጊዜ የጠያቂው ነው።

ተረት፦ «ስለ ባህሌ ካነሳሁ ኋላ ቀር እመስላለሁ፤ አሜሪካኖች ሁሉን ይናገራሉ።»

ይህ ተረት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የእኛ ልጆች ያላቸውን ትልቁን ሀብት ያስጥላቸዋል። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የምናውቅ ሕዝብ ነን፦ በድንገት አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፣ ዘመድ ወዳጅ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉት በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ታካሚዎች መጥፎ ዜና በቀጥታ ሲነገር ስለሚፈጠረው ችግርና ቤተሰብ ስላለው ቦታ።

«አሜሪካኖች ሁሉን ይናገራሉ» የሚለውም የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ዶናልድ ኦከን ባወጡት ጥናት፣ ከተጠየቁት የአሜሪካ ሐኪሞች 90 በመቶዎቹ ካንሰር መሆኑን ለታካሚው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መንገርን መረጡ። ኮሪደሩ ላይ የቆመው ልጅ የሚጠይቀው የ1961ቱ አሜሪካዊ ሐኪም ሳይጠየቅ ያደርገው የነበረውን ነው።

ስለዚህ አመልካቹ «አያቴ ስትታመም ቤታችን ውስጥ እንዲህ ነበር» ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ይጠቅመዋል፤ ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ታሪኩ ውሳኔውን ማገዝ እንጂ መተካት የለበትም። ደግሞም «ኢትዮጵያዊት ስለሆኑ መስማት አይፈልጉም» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሁሉን በዝርዝር ማወቅ የሚሹ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ባህል የሚነግረን መጠየቅ እንዳለብን ነው፤ መልሱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

ተረት፦ «ጠያቂው ከተከራከረኝ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ልመለስ።»

ጠያቂው የሚገፋው ብዙውን ጊዜ ስለታዘዘ ነው፤ በራሱ ወረቀት ላይ ተከታይ ጥያቄዎች ተጽፈውለታል። መለየት ያለበት፣ የመጣው አዲስ ነገር ነው ወይስ ግፊት ብቻ? «ልጁ በጣም ቢናደድስ? ክስ እመሠርታለሁ ቢልስ?» ይህ ግፊት ነው፤ ቁጣው የእናቲቱን መብት አይቀይረውም። አመልካቹ የሚያክለው የአነጋገሩን ለውጥ ነው፦ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ የሆስፒታሉን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ መጋበዝ። «እናቲቱ የመርሳት ሕመም ቢኖርባቸውስ?» የሚለው ግን አዲስ ነገር ነው። አቅማቸው ይመረመራል፤ ከሌላቸው ስለ እሳቸው የሚወስነው በሕግ የተወከለው ሰው ነው፤ እሱም ይኸው ልጅ ሊሆን ይችላል። ያኔ «አዎ፣ ይህ መልሴን ይቀይረዋል፤ የሚቀይረውም በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ብርታት ነው።

አንዳንዴ የሚቀየረው አመልካቹ የያዘው ቦታ ነው። ጠያቂው «አሁን ሐኪሙ አይደለህም፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነህ። ኃላፊው ሐኪም ገና አልነገሯቸውም፤ እናቲቱ እጅህን ይዘው ‹ልጄ፣ ነገሩ ክፉ ነው?› አሉህ» ይላል። ብዙዎች እዚህ ላይ የቀደመውን ውሳኔ ደግመው በሽታውን ይናገራሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ምንም የለም፣ አይጨነቁ» ይላል። ተማሪው ውጤት የመንገር ሥልጣን የለውም፤ የመዋሸትም የለውም። እጃቸውን ሳይለቅ፣ አስተርጓሚ በስልክ አስገብቶ፣ «ጥያቄዎ ትልቅ ነው። መልሱን በሚገባ ሊነግሩዎት የሚገባቸው ዶክተሩ ናቸው። አሁን ሄጄ ማወቅ እንደፈለጉ እነግራቸዋለሁ፤ ሲመጡም አብሬዎት እቀመጣለሁ» ይላቸዋል። ከዚያም ሄዶ ይነግራል፤ ምክንያቱም እናቲቱ ማወቅ እንደሚፈልጉ አሁን በራሳቸው አፍ ተናግረዋል።