ሬጅስትራሩ የሚያነበው ቀኑን ነው

የመጨረሻ ፈተና ያመለጠው ተማሪ ለሬጅስትራር የሚጽፈው ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ «በጠና ታምሜ ስለነበር ችግሬ ታይቶልኝ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ግማሽ ገጽ ያህል ስለ ስቃዩ፣ ስለ ቤተሰቡ ችግርና እስከዚያ ቀን ድረስ ስለነበረው የትምህርት ትጋት ይተርካል። ከሕመም አልጋ ላይ ሆኖ እንዲህ የሚጽፍ ሰው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ደብዳቤውን የሚቀበለው ሠራተኛ ሕመሙ ምን ያህል እንደከበደ ሊመዝን አይችልም፤ እሱ የሐኪሙ ሥራ ነው። ሠራተኛው የሚያመሳክረው ሦስት ቀኖችን ነው፦ ፈተናው የተሰጠበትን፣ ተማሪው ሕክምና ላይ የነበረበትንና ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን። ሦስቱ ከተገጣጠሙ ጉዳዩ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። ካልተገጣጠሙ ግን የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ደብዳቤ ቢሆን «ማስረጃ አሟልተህ ና» ተብሎ ይመለሳል።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ጉዳይ እንያዝ። የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት እንበል። የሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ተጀምሮ የመጀመሪያውን ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ተፈትናለች። ሰኞ ሰኔ 9 ሌሊት ሆዷን አጣድፏት በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ሪፈር ወደ ሆስፒታል ትወሰዳለች፤ ትርፍ አንጀት ሆኖ ይገኝና በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሙ ከሰኔ 9 ጀምሮ የአሥር ቀን ዕረፍት ይጽፍላታል። ኮስት አካውንቲንግ ረቡዕ ሰኔ 11፣ ፋይናንሺያል ማኔጅመንት ሰኞ ሰኔ 16፣ የመጨረሻው ኮርስ ደግሞ ሐሙስ ሰኔ 19 ይፈተናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ትጠይቅ የሚለው ነው። በድንጋጤ ላይ ያሉ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም የሚመክሯቸው ጓደኞች፣ «ዊዝድሮዋል ሙላ» ይላሉ። ዊዝድሮዋል ሴሚስተሩን በሙሉ ትቶ መውጣት ነው፤ የተፈተነችውም ኮርስ፣ ወሩን ሙሉ የሠራቻቸው አሳይመንቶችና የሚድ ውጤቷም አብረው ይቀራሉ፤ ስትመለስም ሪአድሚሽን መጠየቅ ይኖርባታል። ለወራት ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ይህን ቢመርጥ ልክ ነው። አሥር ቀን ለምትተኛ ተማሪ ግን ከባድ ኪሳራ ነው። እሷ የምትፈልገው ያመለጧት ኮርሶች እስከዚያ ያገኘችው ነጥብ ተይዞ በኢንኮምፕሊት እንዲቆዩላትና የመጨረሻው ፈተና ብቻ በሜክአፕ እንዲሰጣት ነው። ደብዳቤው ይህን ለይቶ ካልተናገረ ተቀባዩ ጉዳዩን በየትኛው መንገድ እንደሚያስኬደው ግራ ይገባዋል።

የሰኔ 19ኙ ፈተና ደግሞ ተጠንቅቃ የምታየው ነው። የአሥር ቀኑ ዕረፍት ሰኔ 18 ያበቃል። እንደምንም ብላ ልትፈተን ከቻለች በማመልከቻው ውስጥ አታስገባው። ቁስሉ ካልዳነና መቀመጥ ካልቻለች ደግሞ ከፈተናው በፊት ወደ ሐኪሟ ተመልሳ ዕረፍቱ እንዲራዘም ማድረግ አለባት። በዕረፍት ወረቀቱ ያልተሸፈነን ፈተና ከሌሎቹ ጋር ደባልቆ መጠየቅ በእውነት የተሸፈኑትንም ያጠራጥራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ እየታመመች ገብታ ከተፈተነች በኋላ «አሞኝ ስለነበር ይደገምልኝ» ማለት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ፈተናው ላይ መገኘቷ ራሱ መፈተን እንደቻለች ተደርጎ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ማስረጃው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ተኝቶ የታከመ ሰው ሙሉ የሕክምና ማጠቃለያ የሚያገኘው ከሆስፒታል ሲወጣ ነው፤ ፈተናው ግን እስኪወጣ አይጠብቀውም። ስለዚህ ገና አልጋ ላይ ሳለች ከምትታከምበት ዋርድ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ተኝታ በመታከም ላይ ትገኛለች» የሚል አጭር ማስረጃ ቤተሰብ ወይም የዶርም ጓደኛ ሊያወጣላት ይገባል። ወረቀቱ የካርድ ቁጥሯ፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የሆስፒታሉም ክብ ማኅተም ያስፈልገዋል። የሐኪሙ ፊርማ በሌሊትም ይገኝ ይሆናል፤ ማኅተሙ ግን ያለው በሥራ ሰዓት በሚከፈት ቢሮ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተዘነጋ ማኅተም ሰኞን ያስጠብቃል። ስሟም በተማሪነት መታወቂያዋ ላይ እንዳለው እስከ አያት መጻፉን ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው እዚያው ቆሞ ይይ። በድንገተኛ ክፍል በጥድፊያ የተመዘገበ ስም አንድ ፊደል ቢስት ለማስተካከል ሌላ ቀን ይፈጃል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ የመጣ የሕክምና ወረቀት በራሳቸው ክሊኒክ እንዲረጋገጥ ይፈልጋሉ፤ በተለይ ከግል ክሊኒክ ከሆነ። ይህ ተማሪን ለማንገላታት የመጣ አሠራር አይደለም፤ በገንዘብ የሚገዛ የሕመም ፈቃድ ስላለ የመጣ ነው። የእኛ ተማሪ በግቢው ክሊኒክ ሪፈር መሄዷ እዚህ ላይ ይጠቅማታል፤ ወደ ሆስፒታል የላካት ማን እንደሆነና መቼ እንደላካት በክሊኒኩ መዝገብ ላይ አለ።

አሁን ወደ ቀኖቹ ልመለስ፤ በእኛ አገር ልዩ ጣጣ አላቸው። የፈተና ፕሮግራሙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወጥቶ ሆስፒታሉ በፈረንጆቹ ሊጽፍ ይችላል። ሰኔ 9 ቀን 2017 በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ 16/6/2025 ሆኖ ይመጣል። በእኛ የጻፈ ሐኪም ደግሞ 9/10/2017 ብሎ ያልፋል፤ ሰኔ አሥረኛው ወር ነውና። ይህን ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር የለመደ ዓይን ሲያነበው ጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ሆኖ ይታየዋል፣ ማለትም ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ያለፈ ወረቀት! ማስረጃው አሮጌ ነው ተብሎ ሊመለስ የሚችለው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በደብዳቤው ላይ ወሩን በስሙ መጻፍና የሆስፒታሉን ቀን በሌላው አቆጣጠር ጭምር ማስቀመጥ።

እንግዲህ ደብዳቤው ይህን ይመስላል።

ቀን፦ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
በአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል በኩል

ጉዳዩ፦ በሕክምና ምክንያት የሁለት ኮርሶች የመጨረሻ ፈተና እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከታች የተገለጸው የሦስተኛ ዓመት መደበኛ ተማሪ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. (ሰኔ 16 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) በድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል ገብቼ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ሐኪም እስከ ሰኔ 18 ቀን ድረስ የአሥር ቀን ዕረፍት አዝዞልኛል። በዚህም ምክንያት ሰኔ 11 ቀን በሚሰጠው የኮስት አካውንቲንግና ሰኔ 16 ቀን በሚሰጠው የፋይናንሺያል ማኔጅመንት ፈተና ላይ መገኘት አልችልም። ስለዚህ ሁለቱ ኮርሶች በኢንኮምፕሊት ተይዘውልኝ የመጨረሻ ፈተናቸውን ዩኒቨርሲቲው በሚወስነው ጊዜ እንድፈተን እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሆስፒታሉን ማስረጃና የክሊኒኩን ሪፈር ኮፒ ሁለት ገጽ አባሪ አድርጌ አቅርቤያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ

ግልባጭ፦ ለኮርሶቹ መምህራን፣ ለተማሪዎች ክሊኒክ

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ስለ ሕመሙ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ማጠሩ ግን አያጎድለውም። «በኩል» የሚለው መስመር በአንዳንድ ግቢ አያስፈልግም፤ በብዙዎቹ ግን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስተያየቱን ጽፎ ካልመራው ሬጅስትራሩ አይቀበለውም። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚያደርሰው ጓደኛ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ደውሎ ይጠይቅ።

ግልባጩ ለመምህራኑ መድረሱ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። መምህሩ የቀረችበትን ምክንያት ካላወቀ የፈተናውን ነጥብ ዜሮ ብሎ ውጤት ያስገባል። የመጨረሻው ፈተና ከመቶ ሃምሳ የሚይዝ ከሆነ፣ ከቀሪው ሃምሳ አርባ ያገኘች ጎበዝ ተማሪ እንኳ አርባ ላይ ትቀራለች። ገብቶ የጸደቀ ውጤት ለማስለወጥ ደግሞ ማመልከቻው ከትምህርት ክፍል ጉባኤ እስከ ዲን የሚደርስ ሌላ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ደብዳቤው ከፈተናው በፊት፣ ካልሆነም ውጤት ከመግባቱ በፊት ይድረስ የሚባለው ለዚህ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንዳላት የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሕግ ነው፤ የተማሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ የሚቆጠረውም ብዙ ጊዜ በቀናት ነው።

ሕመሙ ሁልጊዜ ትርፍ አንጀት አይሆንም። በአእምሮ ሕመም የሚታከም፣ ፅንስ ያቋረጣት፣ ለሰው ሊናገሩት የማይፈልጉት ሕመም ያለባቸው ተማሪዎች አሉ፤ ወረቀታቸው በአራት በአምስት እጅ ሲያልፍ ማየት የሚያሳቅቅ ነው። ማመልከቻው የሕመሙን ስም የግድ መያዝ የለበትም። «በሕክምና ላይ በመሆኔ» ይበቃል። ሐኪሙንም በማስረጃው ላይ የሕመሙን ዓይነት ሳይዘረዝር ለፈተና እንደማትደርስና ለስንት ቀን እንደሆነ ብቻ እንዲጽፍላት መጠየቅ ትችላለች። ዝርዝሩ የግድ ያስፈልጋል ከተባለ በታሸገ ፖስታ ለግቢው ክሊኒክ ኃላፊ ይሂድ፤ ክሊኒኩ አይቶ «ማስረጃው ተረጋግጧል» የሚል አጭር ደብዳቤ ለሬጅስትራሩ ይጽፋል። ይህ ልዩ ውለታ አይደለም፤ የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ የሐኪም ግዴታ ነው፤ ተማሪዋም ይህን ስትጠይቅ መሽኮርመም አይገባትም።

አንድ ፈተና ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ከትምህርት ሚኒስቴር የሚመጣ ስለሆነ ሬጅስትራሩ ቀኑን ሊያራዝም አይችልም። በሕክምና ምክንያት ያመለጠው ተመራቂ ለሚቀጥለው ዙር እንዴት እንደሚመዘገብ ዩኒቨርሲቲውን ይጠይቃል።

ማመልከቻው ሲገባ ጓደኛዋ ሁለት ኮፒ ይዞ ይሂድ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስቀራል፤ በሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጎ ይመለሳል። ደብዳቤው ቢጠፋ፣ ኃላፊው ቢቀየር ወይም «አልደረሰንም» ቢባል የምታሳየው እሱን ነው። ስትድን ደግሞ የግሬድ ሪፖርቷን ከፍታ ሁለቱ ኮርሶች ፊት ያለውን ፊደል ትይ። I ከሆነ ጥያቄዋ ተፈጽሟል። NG ወይም F ከሆነ ፈቃዱ ከሬጅስትራሩ ወደ መምህሩ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው፤ ወዲያው ገቢ ቁጥሩን ይዛ ወደ ትምህርት ክፍሉ ትሂድ። ኢንኮምፕሊትም ቢሆን የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ሳይፈተኑበት ካለፈ ወደ ኤፍ ሊቀየር ይችላል። የሜክአፑ ቀን ሳይነገራት የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ከደረሰ፣ ያንኑ ገቢ ቁጥር ጠቅሳ ለትምህርት ክፍሉ ሁለተኛ አጭር ደብዳቤ ትጽፋለች፤ የዚህኛው ጉዳይ «የሜክአፕ ፈተና ቀን እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ» ይሆናል።