የፊንላንድኛ ተሳቢና የድርጊት ፍጻሜ

በፊንላንድኛ አንድ ድርጊት ከግቡ መድረሱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በግሱ ሳይሆን በተሳቢው ስም መድረሻ ነው። ይህን በአንድ ምሳሌ አሳያለሁ። «ካርሁ» ድብ ማለት ነው። «አሙይን ካርሁን» ያለ ሰው ድቡን ተኩሶ ገድሏል። «አሙይን ካርሁዋ» ቢል ግን መተኮሱን እንጂ መግደሉን አልነገረንም፤ ድቡ ቆስሎ ወይም አምልጦ ይሆናል። ግሱ አንድ ነው፤ የተለወጠው የስሙ መድረሻ ብቻ ነው። የፊተኛውን ሙሉ ተሳቢ፣ የኋለኛውን ከፊል ተሳቢ እላቸዋለሁ።

የሙሉ ተሳቢው «ን» ከአማርኛው «ን» ጋር በድምፅ ቢገጥምም በአገልግሎት ይለያል። «ድቡን እያሳደድኩ ነበር» ስንል ድርጊቱ ባያልቅም «ን» አይቀርም፤ የእኛው «ን» ተሳቢው የታወቀ መሆኑን እንጂ የድርጊቱን ማለቅ አያመለክትምና።

ሆኖም ከፊል ተሳቢ ሁልጊዜ ያላለቀ ድርጊትን አያሳይም። «ዮይን ማይቶአ» ያለ ሰው መጠኑ ያልተወሰነ ወተት ጠጥቷል፤ መጠጣቱን ግን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። በአሉታ ደግሞ ምርጫው ይቀራል፤ «ኤን አምፑኑት ካርሁዋ» (ድቡን አልተኮስኩም) እንደሚለው ሁሉ፣ ያልተፈጸመ ድርጊት ከፊል ተሳቢን ብቻ ይወስዳል።